ዝም አይነቅዝም?

ይስማውን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማያውቀው የለም ብዬ ብጀምር ያምርልኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ማንም አያውቀውም። እዚያው የምንሠራበት ግቢ ውስጥ እንኳ ግማሹ ሰው ስሙን ትቶ «ያ ኮምፒውተር የሚነካካው» ነበር የሚለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ የሚሄድ ሰው ነው። አንድ ነገር ስትጠይቁት መልስ አይሰጣችሁም፤ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃችኋል። የደብረ ኤልያስ ሰው ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ ቅኔ መዝረፍ ከጀመረ በኋላ ትቶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ፤ ኮምፒውተር አጠና፤ እኛ ጋ ተቀጠረ። ቅኔው ግን ከአፉ እንጂ ከጭንቅላቱ አልወጣም። አንድ ቃል ሲሰማ ገልብጦ ከሥሩ ምን እንዳለ ሳያይ አያልፍም።

እኔ ሥራነሽ እባላለሁ። ነርስ ነኝ፤ ያኔ የክትባት ማከማቻው ኃላፊ ነበርኩ። ሰው ቁጡ ናት ይለኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን በምን እንደምቆጣ ሳይሰሙ አይፍረዱብኝ።

ማከማቻችን አንድ ክፍል የሚያህል ማቀዝቀዣ ነው። ለደብረ ኤልያስ፣ ለአምበር፣ ለመርጡለ ማርያም የሚሄደው ክትባት ሁሉ ከዚያ ነው የሚወጣው። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከበረዶ ከደረሰ አለቀለት። ይስማው ሳይመጣ በፊት አንድ በጋ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ሳይነሳ ቀረ። እኛ ቅዳሜና እሑድን አርፈን ሰኞ ስንገባ ክፍሉ እንደ ጓዳ ሞቆ አገኘነው። ያን ሁሉ ክትባት አስወገድን። አምበር ወርጄ ልጅ አዝለው ከገጠር ለመጡ እናቶች «የለም፣ ተመለሱ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። አንዷ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዙራ «እስከ መቼ ነው የምንመለሰው፣ እመቤቴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ አንድ ነው፦ እዚያ ቦታ ዳግመኛ አታቁመኝ።

ይስማው ይህን ስነግረው አንገቱን ዘንበል አድርጎ «መቼ እንደሞቀ ያወቀ ሰው አልነበረም ማለት ነው?» አለ።

«ቢያውቅ ኖሮማ ምን በሆንን!»

«እንግዲያው የሚያውቅ እናድርግለት» አለኝና ሄደ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ የሙቀት መለኪያ አስገባ፤ ሽቦውን አውጥቶ በጎን ካለው ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሰካ። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ሲም ካርድ የገባበት ሞደም ቀጠለ። በየሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ልኩን ያነባል፣ ከስምንት በላይ ወይም ከሁለት በታች ከሆነ ስልካችን ላይ ሜሴጅ ይልካል፤ ካልሆነም «ምንም አልተገኘም» ብሎ ይልካል። ሜሴጁ የሚደርሰው ለእኔ፣ ለማቀዝቀዣ ቴክኒሻኑ ለሪያድ እና ለዘበኛችን ለጋሽ ውበቱ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስልኬ ጢር ባለ ቁጥር እያነበብኩ «እሰይ!» እል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት «እሺ» አልኩ። ከዚያ በኋላማ እግዚኦ! ቅዳሴ ላይ ቆሜ ጢር። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ጢር። የእህቴ ልጅ ሽማግሌ የተላከላት ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ ገና «ከቤታችሁ ፈልገን መጣን» እያሉ፣ ጢር! ምንም አልተገኘም! ትልቁ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሪያድ ብልጥ ነው። አባቱ አብዱልዋሂድ ገበያ ውስጥ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ከሥራ ውጭ ሱቅ ሲያግዛቸው ከደንበኛ ጋር ማውራት እየተቋረጠበት ሲቸገር የሜሴጁን ድምፅ አጠፋው። «ሲስተር፣ በየሰዓቱ ደህና ነኝ የሚል ሰው ደህና አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። ጋሽ ውበቱማ ከመጀመሪያውም ማንበብ አይወዱም፤ ስልካቸው ጢር ሲል ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው «ሰምቻለሁ» ይሉት ነበር።

አንድ ጠዋት ታዲያ ሥራ ገብቼ የማቀዝቀዣውን በር ሳይ፣ በሩ ላይ ያለው መለኪያ ዘጠኝን አልፏል። ከአንድ ሰዓት በፊት ክትባት የጫነ ሰው በሩን በደንብ ሳይገጥመው ሄዷል። ስልኬን አወጣሁ። ከዚያ ሁሉ «ምንም አልተገኘም» መካከል አንዱ «ሙቀት አልፏል» ይላል። ሳልከፍተው! ሪያድም ሳይከፍተው። በሩን ገጠምነው። ብልቃጦቹ ላይ በሙቀት የሚለወጥ ምልክት አለ፤ አንድ በአንድ አየሁት፤ እግዜር ይመስገን አልተለወጠም።

ይስማውን ጠራሁት። «ና ወዲህ! ይህን ጉድህን ዝም አሰኘው! ችግር ካለ ይናገር፤ ከሌለ አፉን ይያዝ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?»

ጥሬ ይነቅዛል፣ ዝም ግን አይነቅዝም። አባቶቻችን ያሉት ነው። ሪያድም «ልክ ብላለች» አለ። ጋሽ ውበቱም ኪሳቸውን መታ አድርገው ደገፉኝ።

ይስማው አልተከራከረም። «ነገሩ ልክ ነው፤ ሰው ሁልጊዜ የሚሰማውን አይሰማም» አለ። በዚያኑ ቀን ፕሮግራሙን ለወጠው። ከዚያ በኋላ ችግር ካልተገኘ ሜሴጅ የለም። እፎይ! ቅዳሴዬን አስቀደስኩ፤ የሽማግሌዎቹን ነገር ሰው ረሳልኝ። ስልኬ ዝም ባለ ቁጥር ክትባቴ ደህና ነው እያልኩ እተኛለሁ።

የማይተኛው እሱ ነበር። ጠዋት ሲመጣ አንገቱ ተጣምሞ «ሲስተር፣ ትናንት ዝም ብሏል አይደል?» ይለኛል።

«ዝም ብሏል፣ ተመስገን።»

«ደህና ሆኖ ነው ዝም ያለው? ወይስ ሞቶ ነው ዝም ያለው?»

«ኧረ ወዲያ! አንተ ልጅ ነገር ትፈልጋለህ።»

በዚያው ሰሞን እናቱ እትዬ ወለተ ኪዳን ከደብረ ኤልያስ መጡ። በር ላይ ጋሽ ውበቱን «ልጄ አለ?» ሲሉ ሰምቼ ወጣሁ። አቧራ ለብሰው፣ ጥቂት ማር ቋጥረው ቆመዋል። ይስማው ወጣና ደነገጠ። «እማ! ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፤ አንተ ምን አገኘህ ብዬ ነው እንጂ። ስልክ ገዝተህ ሰጠኸኝ፤ ስልኩ ግን አይናገር።»

«ችግር ካለ እደውላለሁ አልኩሽ እኮ። ካልደወልኩ ደህና ነኝ ማለት ነው።»

እትዬ ወለተ ኪዳን እኔን ዞር ብለው አዩኝና «እንግዲህ እንዲህ ነው የሚለኝ» አሉ። ሳቅን። ማሩን ሰጥተውት፣ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አይተውት፣ በዚያው ቀን መኪና ተመለሱ። እኔ ያኔ ነገሩን ነገሬ አላልኩትም።

ከዚያ አንድ ዓርብ ይስማው ወንበር ተሸክሞ መጥቶ ከማቀዝቀዣው በር ፊት ተቀመጠ። ምሳውን በሳህን ይዟል። ቅዳሜም እዚያው እንዳለ ጋሽ ውበቱ ነገሩኝ። እኔ ከእናቱ በኋላ ልቡ ተነክቶ ብቻውን ሊቀመጥ ፈልጎ ነው ብዬ አዘንኩለት። ሰኞ ጠዋት ሶስታችንንም ጠራን።

«ስልካችሁ ከዓርብ ጀምሮ ምን አለ?»

«ዝም» አልን።

«ምን ማለት ነው?»

«ደህና ነው ማለት ነዋ» አለ ሪያድ።

ይስማው እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ሰደደና የመለኪያውን ሽቦ አወጣ፤ ማለቴ፣ ድሮውንም የወጣ ሽቦ አንስቶ አሳየን። «ዓርብ ጠዋት ነቀልኩት። ፕሮግራሙ በየሰዓቱ ተነስቷል፤ ሥራውን ሠርቷል። ቁጥር ፈለገ፤ ቁጥር የለም። ቁጥር ከሌለ ከስምንት የሚበልጥ ቁጥርም የለም። ስለዚህ ችግር አላገኘም፤ ዝም አለ።»

በስመ አብ! የሆንኩትን አላውቅም። «አበድክ? በእኔ ክትባት ላይ? በእነዚያ ልጆች ላይ ትጫወታለህ?» ብዬ ግቢው እስኪሰማ ጮህኩበት።

ይስማው ሽቦውን ሪያድ እጅ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «በሩ ላይ ያለውን መለኪያ እኔና አንድ ጓደኛዬ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቅን ስናይ ነበር፤ አንዴም አልሞቀም» አለ። «ይልቅ እኔ ባልኖርስ?»

የአምበሯ ሴት ልጇን ወደ ደረቷ ስታዞር ታየችኝ።

«ሲስተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቃሉን አልመረመርኩትም» አለ ይስማው። «ድሮም ‹ምንም አልተገኘም› ብሎ ሲልክላችሁ ሽቦው ቢነቀል ያንኑ ነበር የሚልከው። ሰሙ ‹ችግር የለም› ነው። ወርቁ ግን ‹አላየሁም› ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቃል ከተናገረ ቅኔ እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም። አሁን ደግሞ ጭራሽ በዝምታ ነው የሚቀኝብን። ዝም ነቀዘ፣ ሲስተር።»

ሪያድ ሽቦውን እያገላበጠ ያያል። ጋሽ ውበቱ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩረው አዩት።

ተቀምጠን መከርን። እኔ በንዴት «በቃ በየሰዓቱ ይላክ!» አልኩ። ሪያድ «እኔ አልከፍተውም፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ» አለ፤ እውነቱን ነው። ይስማው ፕሮግራሙ ቁጥሩን ማንበብ ሲያቅተውም እንደ ችግር ቆጥሮ ለሁላችንም እንዲጮህ አደረገ። ያ ቀላሉ ነበር። የከበደው ሌላ ነው፦ ኮምፒውተሩ ራሱ ቢሞትስ? የሞተ ነገር «ሞቻለሁ» ብሎ አይልክም።

«እንግዲያው በቀን አንዴ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ‹አለሁ፣ አይቻለሁ፣ ልኩ ይህ ነው› ይበል። ለሳምንቱ ተረኛ ብቻ፣ ለእርስዎ ወይም ለሪያድ። ካልመጣ ሞቷል ማለት ነው» አለ። ደስ አለኝ። እሱ ግን አንገቱን አጣመመ። «ግን ያልመጣን ነገር ማን ያያል? የመጣን ነገር እንኳ ስላዘወተራችሁት አላያችሁትም። የቀረውን እንዴት ታዩታላችሁ?»

«እኔ አያለሁ» አልኩ።

«እስከ መቼ?»

የአምበሯ ሴት ቃል ስለሆነ ነው መሰለኝ ክው አልኩ።

ይህ ጥያቄ ሳምንት ሙሉ አስጨነቀው። ምግብ ሲበላ ያስባል፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት ያስባል። ከዚያ አንድ ቀን እየሮጠ መጣና «ሲስተር፣ ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የምትጠይቂው ምንድን ነው?» አለኝ፤ ቸኩሎ አንቺ ብሎኛል።

«ዛሬ ማን ነው? ነዋ። ሚካኤል ነው፣ ገብርኤል ነው፣ ምን ልጠይቅ ሌላ?»

«በቃ!» አለና ተመልሶ ሮጠ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጢር አለ። «ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነው። አይቻለሁ፤ አራት ነጥብ ስድስት።» ሳቄ አመለጠኝ። በማግስቱም እንዲሁ፤ መድኃኔ ዓለም ሲደርስም እንዲሁ። ቀስ በቀስ ቀን መቁጠሪያዬን ግድግዳው ላይ ትቼ ሜሴጁን መጠበቅ ጀመርኩ። ጎረቤቴ እንኳ በአጥር በኩል «ሥራነሽ፣ ዛሬ ማን አለ?» ትለኛለች። ደግሞ የትናንቱ ሜሴጅ ዘግይቶ ቢመጣ ወዲያው ያስታውቃል፤ የትናንቱን ታቦት ለዛሬ ማንም አይነግረኝም። ሪያድ «እኔስ ምን ልጠብቅ?» ብሎ ሲያኮርፍ፣ በእሱ ተረኛ ሳምንት የየትኛው ከተማ ገበያ እንደሚውል እንዲነግረው አደረገለት። አባቱ ናቸው መጀመሪያ የሚያነቡት አሉ።

ይስማው ብዙም ሳይቆይ ባሕር ዳር ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሲሰናበተኝ «ዝም ካልኩ ደህና ነኝ» አለኝ። «ሂድ እንግዲህ፣ ያ ያንተ አመል ነው» አልኩት።

በዚያው ዓመት፣ የክትባት ዘመቻ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማከማቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ሳለ፣ ሃያ አንድ ሆነ። እሑድ ነው፤ ተረኛዋም እኔ ነኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ደርሻለሁ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ «እንኳን ለእመቤታችን አደረሰሽ» ስትለኝ «አብሮ ያድርሰን» አልኩና ቆም አልኩ። ማርያም መሆኗን የነገረችኝ እሷ ናት። ስልኬ አልነገረኝም።

አወጣሁት። አንድ ሰዓት አልፏል። ምንም የለም። ጋሽ ውበቱ ጋ ደወልኩ።

«ሰላም ነው ሲስተር፤ ስልኬ ዝም ብሏል» አሉኝ።

«ጋሽ ውበቱ! መብራት አለ?»

«እንጃ፣ ቀን ነው፣ አላበራሁም።»

«ዝም ነቅዟል!» ብዬ ስጮህ ምእመኑ ዞሮ አየኝ። ግድ የለኝም። ለሪያድ እየደወልኩ ነጠላዬን በአንድ እጄ ይዤ ሮጥኩ፤ ባጃጅ እስካገኝ ሮጥኩ።

መብራት ጠፍቷል። ጄኔሬተሩ ራሱ ተነስቶ ጥቂት ሠርቶ ቆሟል። ኮምፒውተሩን መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ ደክሞ አልቋል፤ ፕሮግራሙ እስከሞተባት ደቂቃ ድረስ ክፍሉ ገና ቀዝቃዛ ስለነበር የሚያስጮኸው አላገኘም። ከሞተ በኋላ ነው መሞቅ የጀመረው። በሩ ላይ ያለው መለኪያ ስምንት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ጋሽ ውበቱ ሊከፍቱት እጃቸውን ሲዘረጉ «እንዳይነካ! ቅዝቃዜው እንዳይወጣ!» ብዬ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። ሪያድ ደረሰ። የነዳጁ ማጣሪያ ተደፍኖ ነበር፤ ጠርጎ መለሰው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መለኪያው ቀስ እያለ ሲወርድ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ብልቃጦቹን ኋላ መረመርኩ፤ አንዱም አልተነካም። ዘመቻው በቀኑ ተጀመረ። ማንንም «ተመለሺ» አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ይስማው ጋ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። እንኳን ደስ አለዎት አይል፣ ምን አይል፤ ጥያቄ! «መጀመሪያ የቀረብዎት ምን መሰለዎት? ልኩ ነው ወይስ ማርያም?»

«ማርያም ናት እንጂ! ቁጥርህን ማን ይጠብቃል!»

ከልቡ ሳቀ። ደስታው በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ «እንግዲያው ሰው ያልመጣውን የሚያየው የሚጠብቀው ሲሆን ነው» አለ።

«አንተስ?» አልኩት። ንዴቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከጠዋቱ የተረፈ ይሆናል። «አንተስ ለእናትህ? ያን ጊዜ ከደብረ ኤልያስ ድረስ የመጡት ማር ሊሰጡህ መስሎሃል? ሽቦህ ተነቅሎ እንደሆነ ሊያዩ ነው! በየቀኑ አንድ ሰዓት ሲሆን ያን ስልክ የሚያዩ አይመስልህም?»

ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ይስማው? አለህ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ፤ ድምፁ ወርዷል። «ሲስተር፣ ልዝጋው። እማ ጋ ልደውል።»

ደነገጥኩ። «ምነው? ምን አገኘህ?»

«ምንም አላገኘኝም» አለ። «እሱን ልነግራት ነው።»